የመድኃኒት ከረጢት በማታው ክፍል

ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ፊደል ለሚቆጥሩ ጎልማሶች የአንድ ሰዓት ትምህርት በአንድ የመድኃኒት ከረጢት ላይ ሊታቀድ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ተማሪዎቹ መድኃኒት እንዴት እንደሚወስዱ ይነጋገራሉ። ከዚያ መምህሩ «ከምግብ በኋላ 1 ፍሬ በቀን 3 ጊዜ» ብሎ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፤ እያንዳንዱን ቃል በጣቱ እያሳየ ያነባል፤ ተማሪዎቹም ይከተሉታል። ቀጥሎ «ምግብ» ወደ ም፣ ግ እና ብ ይነጣጠላል፤ ረጅሙ ጊዜ ለዚህ ይሰጣል። ደክሞ ለመጣ ሰው በአንድ ምሽት ሦስት ፊደል ይበቃዋል።

ትልቁ ችግር ሽምደዳ ነው፤ ተማሪው ሳያነብ ዓረፍተ ነገሩን በቃሉ ሊወጣው ይችላል። ይህን ለመለየት መምህሩ «ከምግብ በፊት 2 ፍሬ በቀን 1 ጊዜ» የሚል ሌላ ከረጢት ያቀርባል። የቀድሞውን የሚደግም ተማሪ ገና አላነበበም፤ «በፊት» እና «በኋላ» ጎን ለጎን ተጽፈው እንደገና ይለማመዳቸዋል። ለቀጣዩ ምሽት ሁሉም ቤቱ ያለውን ከረጢት ይዞ ይምጣ።