የባሕር መንገድ ምልክቶች፦ ቀለም፣ ቅርጽና ብርሃን

በባሕር ላይ የሚንሳፈፈው የመንገድ ምልክት ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ግዙፍ አካል ነው። ከሥሩ በሰንሰለት ተይዞ ከባሕሩ ወለል ላይ ካረፈ ከባድ ብሎክ ጋር ይታሰራል። ከላዩ መብራት፣ ከመብራቱም በላይ ብዙ ጊዜ ትንሽ የአናት ምልክት ይተከልበታል። ሥራው ለመርከብ አዛዥ በዓይኑ ሊያየው የማይችለውን ነገር መንገር ነው፤ ውኃው የት ጋ ጥልቅ እንደሆነ፣ ዓለቱ በየትኛው ወገን እንደተደበቀ፣ የሰመጠ መርከብ የት እንደተኛ።

ይህን አንድ መልእክት በሦስት መንገድ ይናገራል፤ በቀለም፣ በቅርጽና በብርሃን። ሦስቱም ያስፈለጉት እያንዳንዳቸው የማያገለግሉበት ሰዓት ስላለ ነው። ቀለም ጥሩ የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ፀሐይ ከምልክቱ ጀርባ ስትሆን ቀዩም አረንጓዴውም ከሩቅ ጥቁር ሆነው ይታያሉ፤ ያን ጊዜ የሚለያቸው ቅርጻቸው ብቻ ነው። ሲመሽ ደግሞ ቅርጹም ይጠፋና መብራቱ ብቻ ይቀራል።

በጣም የተለመዱት የመርከብ መተላለፊያን ግራና ቀኝ ዳር የሚያሳዩት ናቸው። በአውሮፓ፣ በአፍሪካ፣ በአውስትራሊያና በአብዛኛው እስያ ከባሕር ወደ ወደብ የሚገባ መርከብ ቀዩን ምልክት በግራው፣ አረንጓዴውን በቀኙ አድርጎ ያልፋል። ቀዩ እንደ በርሜል አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ አረንጓዴው ወደ ላይ የሾለ ነው። ሌሊት የቀዩ መብራት ቀይ፣ የአረንጓዴው አረንጓዴ ነው። የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ በብዛት የሚተላለፍበት የጅቡቲ ወደብም የሚገኘው በዚሁ ክልል ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ኒውዮርክ የሚሄድ መርከብ ግን እዚያ ሲደርስ ቀዩን በቀኙ ማድረግ አለበት፤ በአሜሪካ አህጉር፣ በጃፓን፣ በኮሪያና በፊሊፒንስ ቀለሙ የተገላቢጦሽ ነውና። ቅርጹ ግን በሁለቱም ክልል አይለወጥም፤ ጠፍጣፋው ሁልጊዜ በግራ፣ ሾጣጣው ሁልጊዜ በቀኝ ይሆናል።

ዓለም በሁለት ክልል ብቻ መከፈሏ ራሱ ትልቅ እርምጃ ነበር። እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ከሠላሳ በላይ የተለያዩ ሥርዓቶች በሥራ ላይ ነበሩ፤ በአንዱ አገር ባሕር ደኅንነትን የሚያመለክት ቀለም በሌላው አደጋ ማለት ሊሆን ይችል ነበር። ችግሩን በግልጽ ያሳየው በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ባለው የዶቨር ጠባብ ባሕር የደረሰው እልቂት ነው። በጥር 1971 ቴክሳኮ ካሪቢያን የተባለች የነዳጅ መርከብ ከሌላ መርከብ ጋር ተጋጭታ ሰመጠች። በማግሥቱ ብራንደንቡርግ የተባለች የጀርመን መርከብ ስብርባሪውን ገጭታ ሰመጠች። ቦታው የመብራት መርከብና ተንሳፋፊ ምልክቶች ተደርገውበት ሳለ፣ በየካቲት መጨረሻ ኒኪ የተባለች የግሪክ መርከብ እዚያው ገብታ ከነሠራተኞቿ ሁሉ ጠፋች። ከዚህ በኋላ የባሕር ምልክቶችን ጉዳይ የሚከታተለው ዓለም አቀፍ ማኅበር ሥራውን አፋጠነ፤ በ1980 ቶኪዮ ላይ በተደረገ ጉባኤም ዛሬ ያለው ሥርዓት ጸደቀ።

ከዚህ ሥርዓት ሁሉ ብልሃቱ የሚያስደንቀው የአቅጣጫ ምልክቱ ነው። ግራና ቀኝ የሚባለው ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ እንጂ ሜዳ በሆነ ባሕር ላይ ትርጉም የለውም፤ መርከብ ከየትም ሊመጣ ይችላልና። ስለዚህ የአቅጣጫ ምልክቶች ከአደጋው በሰሜን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብ ወይም በምዕራብ ይቀመጣሉ። ስማቸውም መርከቡ የሚያልፍበትን ወገን ይናገራል፤ የሰሜን ምልክት ያየ ከምልክቱ በሰሜን በኩል ያልፋል። ቀለማቸው ጥቁርና ቢጫ፣ አናታቸውም ላይ ሁለት ጥቁር ሾጣጣዎች አንዱ በሌላው ላይ ተተክለዋል። ሁለቱም ወደ ላይ ከሾሉ ሰሜን፣ ሁለቱም ወደ ታች ከሾሉ ደቡብ ነው። ሰፊ መቀመጫቸው ከተገናኘ ምሥራቅ፣ ጫፋቸው ከተገናኘ ምዕራብ ነው። ጥቁሩ ቀለም ያለበትን ቦታ የሚያሳየውም የሾጣጣዎቹ ጫፍ ነው። ሰሜን ላይ ጫፎቹ ወደ ላይ ስለሚያመለክቱ ጥቁሩ ከላይ፣ ደቡብ ላይ ከታች ይሆናል፤ ምሥራቅ ላይ ጫፎቹ ወደ ላይና ወደ ታች ስለሚለያዩ ጥቁሩ ዳርና ዳር ሆኖ ቢጫው መሐል ይገባል፤ ምዕራብ ላይ ደግሞ ጥቁሩ መሐል ነው።

የሌሊቱ ብልጭታ የተወሰደው ከሰዓት ገጽ ነው። መብራቱ ነጭና ፈጣን ሲሆን፣ ሰሜን ሳያቋርጥ ይብለጨለጫል። ምሥራቅ ሦስት ጊዜ፣ ምዕራብ ዘጠኝ ጊዜ ብልጭ ብሎ ያርፋል፤ ደቡብ ስድስት ጊዜ ብልጭ ካለ በኋላ አንድ ረዥም ብልጭታ ይጨምራል። ይህች ረዥም ብልጭታ ያለምክንያት አልተጨመረችም። ማዕበል መብራቱን ደጋግሞ ሲጋርድ ስድስቱን ከሦስት ወይም ከዘጠኝ መለየት ያስቸግራል፤ ከሁለት ሴኮንድ የማታንሰው ረዥም ብልጭታ ግን ከታየች ቆጠራው ቢሳሳትም ምልክቱ ደቡብ መሆኑ አያጠራጥርም።

ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ መርከብን እንውሰድ። ዘብ የቆመው መኮንን በስተፊቱ ነጭ ብልጭታ ያያል። ነጭ መሆኑ ብቻ የመተላለፊያ ዳር ምልክት አለመሆኑን ይነግረዋል፤ የዳር ምልክቶች ቀይ ወይም አረንጓዴ ብቻ ያበራሉና። ሰዓቱን ይዞ ሲቆጥር ስድስት ፈጣንና አንድ ረዥም ያገኛል፤ ዙሩ እንደገና የሚጀምረውም በየ15 ሴኮንዱ ነው። ይህን ከባሕር ካርታው ጋር ያስተያያል። ካርታው ላይ ያለው ምልክት ይኸው ከሆነ ዓለቱ ከምልክቱ በሰሜን ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ በደቡብ በኩል ያልፋል። ዘጠኝ ብልጭታ ቢሆን ኖሮ ምልክቱ የቆመው ከአደጋው በስተምዕራብ ነውና ቀጥ ብሎ መሄድ ፊት ለፊት ወደ ዓለቱ መግባት ነበር።

ዙሪያው ሁሉ ጥልቅ ውኃ የሆነ ትንሽ አደጋ ግን አራት ምልክት አያስፈልገውም። ራሱ አደጋው ላይ መሐሉ ቀይ የሆነ ጥቁር ምልክት ይተከላል፤ አናቱ ላይ ሁለት ጥቁር ኳሶች አሉት፤ ሌሊት ሁለት ሁለት ጊዜ በነጭ ብልጭ ይላል። ደኅና ውኃን የሚያሳየው ደግሞ ቀይና ነጭ ቁመታዊ መስመር ያለው፣ አናቱ ላይ አንድ ቀይ ኳስ የተተከለበት ነው። ብዙ ጊዜ ከመተላለፊያው መግቢያ ውጭ ይቆማል፤ ከባሕር የመጣ መርከብም መጀመሪያ የሚፈልገው እርሱን ነው።

በታኅሣሥ 2002 ትሪከለር የተባለች መኪና ጫኝ መርከብ በዚያው በዶቨር ጠባብ ባሕር አቅራቢያ ተጋጭታ ሰመጠች፤ በሳምንታት ውስጥም ሌሎች ሁለት መርከቦች ስብርባሪዋን ገጩት። በዚህ ምክንያት አዲስ ለሰመጠ መርከብ የተለየ ምልክት ተፈጠረ፤ ሰማያዊና ቢጫ ቁመታዊ መስመር ያለው፣ መብራቱም ሰማያዊና ቢጫ እየተፈራረቀ የሚበራ።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ምልክቱ ይንሳፈፋል። ሰንሰለቱ ከውኃው ጥልቀት ስለሚረዝም በነፋስና በውኃው ፍሰት ዙሪያውን ይዞራል፤ ኃይለኛ ማዕበል ከነብሎኩ ሊጎትተው፣ መርከብ ገጭቶ መብራቱን ሊያጠፋው ይችላል። የተጎተተ ምልክት ደግሞ ቀለሙም ቅርጹም ብርሃኑም ትክክል ሆኖ ቦታው ብቻ ስለሚሳሳት አይቶ መለየት አይቻልም። ስለዚህ ጠንቃቃ መኮንን ቦታውን ከተንሳፋፊ ምልክት ብቻ አይወስድም። በምድር ላይ የቆሙ ቋሚ ነገሮችን፣ ለምሳሌ የመብራት ግንብን፣ በኮምፓስ ይለካል፤ በራዳርና በሳተላይት ያመሳክራል፤ የውኃውን ጥልቀት ከካርታው ጋር ያስተያያል። ልዩነት ካገኘ ለወደቡ በሬዲዮ ያስታውቃል፤ ምልክቱ እስኪታረምም በአካባቢው ላሉ መርከቦች ሁሉ ማስጠንቀቂያ ይተላለፋል።