ሰማንያ በመቶ የሚቆይ ደንበኛ ስንት ብር ያወጣል?

የማርኬቲንግ ተማሪዎች «ከስተመር ላይፍታይም ቫልዩ» ከሚባለው ርዕስ ሲደርሱ የሚያስቸግራቸው ሐሳቡ አይደለም። አንድ ደንበኛ አብሮን እስከቆየ ድረስ የሚያስገባልን ትርፍ በዛሬ ዋጋ ሲተመን ስንት ይሆናል? ጥያቄውን ማንም ነጋዴ ይረዳዋል። ተማሪውን የሚያስጨንቀው ከጥያቄው ሥር የተጻፈው ይህ መስመር ነው፦

```
CLV = m × (1 + i) / (1 + i − r)
```

ይባስ ብሎ ሌላ መጽሐፍ ሲገለጥ ፎርሙላው ተለውጦ ይገኛል። ታህቱ ያው ነው፤ ላዕሉ ላይ ግን (1 + i) በነበረበት ቦታ r ተቀምጧል። ሁለቱንም በቃሏ የያዘች ተማሪ ፈተና ላይ የቱን እንደምትጽፍ ግራ ቢገባት አይፈረድባትም። ፎርሙላውን ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጊዜ ራሷ ብትሠራው ግን ግራ መጋባቱ ይቀራል፤ ለዚያም ከስምንተኛ ክፍል አልጀብራ የበለጠ አያስፈልጋትም።

አዲስ አበባ ውስጥ ያለ አንድ ጂም እናስብ። ቁጥሮቹ ለሒሳቡ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። አባላት በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዓመቱ ሲጀምር 10,000 ብር ይከፍላሉ። አንድ አባል በመኖሩ ብቻ የሚወጣው ወጪ፣ ማለትም የሻወሩ ውኃና ማሞቂያ፣ የፎጣ እጥበቱ፣ አሰልጣኙ በአባል ቁጥር የሚያገኘው ክፍያ፣ ተደምሮ በዓመት 6,000 ብር ነው። የቤት ኪራዩ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ አንድ አባል ቢቀርም ኪራዩ ያው ነውና። ስለዚህ አንድ አባል በዓመት የሚያስገኘው ትርፍ 4,000 ብር ነው። m ማለት ይህ ነው።

r የደንበኞች የመቆየት መጠን ነው። ዘንድሮ ከከፈሉት መቶ አባላት ሰማንያዎቹ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሰው ከከፈሉ r 0.8 ይሆናል። i ደግሞ ዲስካውንት ሬት ነው፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ዛሬ ካለው ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያንስ ይነግረናል። የጂሙ ባለቤት ገንዘቡን ሌላ ቦታ ቢያውለው በዓመት 20 በመቶ አገኝበታለሁ ካለ i 0.2 ነው፤ ለእሱ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 1.20 ብር የዛሬ 1 ብር ማለት ነው።

አሁን አንዲት አባል በሩን ከፍታ ገብታ ከፈለች እንበል። ዛሬ 4,000 ብር ትርፍ ተገኘ። ከዓመት በኋላስ? ከመጣች፣ ጂሙ የሚያገኛት ዛሬ ባገኛት ሁኔታ ነው፤ ያንኑ ትከፍላለች፣ በዚያው 80 በመቶ ዕድል ለቀጣዩ ዓመት ትመለሳለች። በሌላ አነጋገር የዚያን ዕለት ዋጋዋ ከዛሬው ዋጋዋ ጋር እኩል ነው። ግን የምትመጣው በ0.8 ዕድል ነው፤ ገንዘቡም የሚደርሰው ከዓመት በኋላ ስለሆነ ለ1.2 ይካፈላል። 0.8 ለ1.2 ሲካፈል ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ የአባሏ ዋጋ V ከተባለ፦

```
V = 4,000 + (2/3) × V
```

ሁለት ሦስተኛው V ወደ ግራ ሲሻገር አንድ ሦስተኛ V እኩል ይሆናል 4,000። V እንግዲህ 12,000 ብር ነው። በቁጥሮቹ ፈንታ m፣ r እና i ተመልሰው ሲገቡና እኩልታው ሲቃለል፣ ተማሪዋን ያስጨነቃት የመጀመሪያው ፎርሙላ ራሱ ይወጣል። 4,000 × 1.2 ÷ (1.2 − 0.8) ቢሰላም መልሱ ያው 12,000 ነው።

ያላመነች ተማሪ ዓመት በዓመት ልትደምረው ትችላለች። የመጀመሪያው ክፍያ 4,000፣ ሁለተኛው 2,667፣ ሦስተኛው 1,778፣ አራተኛው 1,185፣ አምስተኛው 790፣ ስድስተኛው 527 ብር ነው፤ እያንዳንዱ ካለፈው ሁለት ሦስተኛው ነው። ስድስቱ ሲደመሩ ወደ 10,947 ብር ይደርሳሉ። የቀሩት ዓመታት ሁሉ፣ እስከ ወዲያኛው ቢቆጠሩ እንኳ፣ የሚጨምሩት ከ1,100 ብር አይበልጥም። ማለቂያ የሌለው ድምር መልስ ያለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ። 20 በመቶ የሚሆኑት በየዓመቱ ከሄዱ አማካይ የቆይታ ዘመን 1 ÷ 0.2፣ ማለትም 5 ዓመት ነው፤ 5 ጊዜ 4,000 ደግሞ 20,000 ብር ነው። ታዲያ 12,000 ከየት መጣ? ሁለቱም ስሌቶች ልክ ናቸው። 20,000 የሚሆነው i ዜሮ ሲሆን፣ የሩቁ ብር ከዛሬው ብር እኩል ሲቆጠር ነው። የ8,000 ብሩ ልዩነት የመጠበቅ ዋጋ ነው።

ወደ ሁለቱ ፎርሙላዎች እንመለስ። ላዕሉ ላይ r ያለበት ፎርሙላ ለዚህችው አባል 4,000 × 0.8 ÷ 0.4፣ ማለትም 8,000 ብር ይሰጣል። ልዩነቱ በትክክል 4,000 ብር ነው፤ የመጀመሪያው ክፍያ። በሱኒል ጉፕታና በዶናልድ ሌማን ሥራዎች የታወቀው ይህ ሁለተኛው ፎርሙላ የመጀመሪያው ትርፍ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ያውም ደንበኛው ከቆየ፣ እንደሚመጣ ይቆጥራል። አንዱ ትክክል ሌላው ስህተት አይደለም፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ነው።

ልዩነቱ ግን ውሳኔ ያስቀይራል። ጂሙ በማስታወቂያና በቅናሽ አንድ አዲስ አባል ለማምጣት 9,000 ብር ያወጣል እንበል። አዲሷ አባል በገባችበት ዕለት ስለምትከፍል ዋጋዋ 12,000 ነው፤ ጂሙ 3,000 ብር ያተርፋል። ተማሪዋ በሁለተኛው ፎርሙላ ብትሠራ 8,000 አግኝታ «1,000 ብር ይከስራል፣ ማስታወቂያው ይቁም» ብላ ትመክራለች። በተቃራኒው የዘንድሮ ሒሳቧን ከፍላ የጨረሰች አባል እንዳትለቅ ምን ያህል ማውጣት ያዋጣል ከተባለ፣ ከፊታችን ያለው 8,000 ብር ብቻ ነው፤ የተከፈለው ተከፍሏል። ጥያቄው ሲነበብ መፈለግ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው ክፍያ ገና የሚመጣ ነው ወይስ የገባ?

ከፎርሙላው ይልቅ ሒሳቡን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የ r አቆጣጠር ነው። ጂሙ ዓመቱን በ500 አባላት ጀምሮ በ460 ጨረሰ እንበል፤ ከ460ዎቹ ውስጥ 60ዎቹ በዓመቱ መሐል የገቡ አዲሶች ናቸው። 460ን ለ500 የሚያካፍል ተማሪ 92 በመቶ ያገኛል። ነገር ግን ከመጀመሪያዎቹ 500 የቀሩት 400 ናቸው፤ r 80 በመቶ ነው። የ12 ነጥብ ስህተት ትንሽ ሊመስል ይችላል። በ0.92 ሲሰላ ግን የአባሏ ዋጋ ወደ 17,143 ብር ያሻቅባል። r ታህቱ ውስጥ ተቀናሽ ሆኖ ስለተቀመጠ፣ እሱ ከፍ ባለ ቁጥር ታህቱ ይሳሳል፣ መልሱም ይዘላል። ጉፕታ፣ ሌማንና ጄኒፈር ስቱዋርት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት አማዞንና ኢቤይን ጨምሮ አምስት ኩባንያዎችን መርምረው፣ የደንበኛ ቆይታ በ1 በመቶ ሲሻሻል የኩባንያው ዋጋ በአማካይ 5 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር፣ ትርፍ በ1 በመቶ ሲሻሻል ግን ጭማሪው 1 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳይተዋል። የእኛ ጂም የቆይታ መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ ውጤቱ መለስተኛ ነው፤ r ከ0.8 ወደ 0.808 ሲወጣ ዋጋው በ245 ብር፣ ማለትም በ2 በመቶ ያድጋል።

ሌላው ወጥመድ የጊዜ መለኪያ ነው። በወር 95 በመቶ የሚቆይለት ድርጅት በዓመት 95 በመቶ አይቆይለትም፤ 0.95 አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.54 ነው። ግማሽ ሊሞሉ ጥቂት የቀራቸው ደንበኞች በዓመት ውስጥ ሄደዋል። m በወር ከሆነ r እና i የወር መሆን አለባቸው። መልሱ ኔጌቲቭ ከወጣ ደግሞ ምክንያቱ በአብዛኛው 0.8 በሚገባበት ቦታ 80 መግባቱ ነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም አንድ ነገር ይቀራል፤ ተማሪዋ ልታውቀው የሚገባውም ይህ ይመስለናል። ፎርሙላው ሁሉም አባል እኩል 80 በመቶ ይቆያል ብሎ ያስባል። 1,000 አባላት ቢኖሩና ግማሾቹ ጠዋት ጠዋት ሳያቋርጡ የሚመጡ፣ 95 በመቶ የሚቆዩ፣ ግማሾቹ ደግሞ በአዲስ ዓመት ሞቅታ የተመዘገቡ፣ 65 በመቶ የሚቆዩ ቢሆኑ አማካዩ ያው 80 ነው። በዓመቱ 475ና 325፣ በድምሩ 800 ይቀራሉ። በሁለተኛው ዓመት ግን ከ800ዎቹ የሚቆዩት ወደ 83 በመቶ ይጠጋሉ። አንድም ሰው ጠባዩን አልለወጠም፤ ቶሎ የሚሄዱት ስለሄዱ ብቻ ቁጥሩ አማረ። የጂሙ ባለቤት አገልግሎታችን ተሻሻለ ብሎ ቢደሰት ተሳስቷል።

ዋጋቸውም ለየብቻ ሲሰላ የመጀመሪያዎቹ 19,200፣ የኋለኞቹ 8,727 ብር ያወጣሉ፤ አማካዩ 13,964 ነው እንጂ 12,000 አይደለም። ፒተር ፌደርና ብሩስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጽሑፍ ያስጠነቀቁት ይህንኑ ነው፤ አንድ አማካይ r ለሁሉም ሲሰጥ የደንበኞች ዋጋ አንሶ ይገመታል። 9,000 ብር የሚያስወጣው ማስታወቂያም በአማካዩ ሲታይ ያዋጣል፤ የሚያመጣው ግን የአዲስ ዓመቶቹን ብቻ ከሆነ በእያንዳንዱ አባል 273 ብር ያከስራል።

ስለዚህ በጂሙ መዝገብ ላይ ከአባሉ ስምና ስልክ ጎን የተመዘገበበት ቀን፣ እንዴት እንደመጣና ያደሰበት ቀን ሊጻፍ ይገባል። እነዚህ ከሌሉ r የሚባለው ቁጥር ግምት ነው፣ ከእሱ የሚወጣው ብርም እንዲሁ።