አረንጓዴው ቀለምና የማይሽረው የውሻ ዓይን ቁስል

የውሻ ዓይን ብሌን ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን ሲሆን ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የላይኛው ስስ ልባስ በጭረት ወይም በእሾህ ሲገለጥ ቁስል ይፈጠራል። ውሻው ዓይኑን ይጨፍናል፣ እንባው ይፈሳል፣ በእግሩ ያሸዋል። ቁስሉ ግን ብዙ ጊዜ በባዶ ዓይን አይለይም፤ ፍሎረሴን የተባለው ብርቱካናማ ቀለም የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ፍሎረሴን በውሃ የሚሟሟ ነው። የላይኛው ልባስ ቅባት ስላለበት ቀለሙን አያስገባም፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ክፍል ግን ይመጠዋል። ሐኪሙ ቀለሙን ጠብ አድርጎ በንጹሕ ውሃ ካጠበ በኋላ በሰማያዊ ብርሃን ሲያይ ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። እዚህ ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። ቁስሉ እጅግ ጠልቆ የመጨረሻው ስስ ሽፋን ላይ ከደረሰ፣ ያ ሽፋን ቀለም ስለማይቀበል መሐሉ ጥቁር፣ ዙሪያው ብቻ አረንጓዴ ይሆናል። መሐሉ ዳነ ብሎ መተው አደገኛ ነው፤ ዓይኑ ሊቀደድ ስለተቃረበ በአስቸኳይ መታከም አለበት።

ተራ ቁስል በአንድ ሳምንት ገደማ ይዘጋል። ከዚያ ካለፈ የሚያዘገየው ምክንያት ይፈለጋል፦ በቆብ ውስጥ ተገልብጦ የበቀለ ፀጉር፣ የተሰነቀረ ገለባ፣ የእንባ ማነስ ወይም ኢንፌክሽን። አንዳንዴ ግን ከእነዚህ አንዱም አይገኝም።

ለዚህ ምሳሌ የምትሆነው በዕድሜ የገፋች የቦክሰር ዝርያ ውሻ ናት፤ ሕመሙ በዚህ ዝርያ ላይ ይበዛልና። የአንቲባዮቲክ ጠብታ ለ3 ሳምንት ቢደረግላትም ቁስሏ አልጠበበም። ቀለሙ ሲጨመር ደማቁ አረንጓዴ መሐል ላይ ይታያል፤ ዙሪያውን ደግሞ ፈዘዝ ያለ ቀለበት ይከበዋል። ቀለበቱ ቀለሙ በልባሱ ጠርዝ ሥር ሾልኮ እንደገባ ያመለክታል። አዲሱ ልባስ በየቀኑ ያድጋል፤ ነገር ግን ከሥሩ ያለው ክፍል ላይ ሴል አልባ ስስ ሽፋን ስለተጋገረበት የሚጣበቅበት አያገኝም፣ በሽፋሽፍት መርገብገብ ብቻ ይላጣል። ስለዚህ ጠብታ መቀያየር ብቻውን አይፈውሳትም።

ሐኪሙ ዓይኑን በጠብታ አደንዝዞ የላላውን ልባስ በደረቅ የጥጥ እንጨት ይጠርጋል። ጤነኛው ልባስ አጥብቆ ስለያዘ አይነሳም፤ የላላው ግን በቀላሉ ይገለበጣል፣ ቁስሉም ሰው ከገመተው በላይ ይሰፋል። ቀጥሎ ልባሱ መያዣ እንዲያገኝ በመርፌ ጫፍ ስስ ጭረቶች ይሠራሉ፣ ወይም አልማዝ በተለበጠ ትንሽ መሞረጃ ላዩ ይታሻል። ይህ ጥልቅ ወይም የተመረዘ ቁስል ላይ ፈጽሞ አይደረግም። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታም ፈውሱን ስለሚያግድና ቁስሉን ስለሚያባብስ መወገድ አለበት። ውሻዋ እንዳታሸው አንገቷ ላይ መከላከያ ይደረግላታል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት በኋላ ቀለሙ እንደገና ይጨመራል፤ አረንጓዴ ከቀረ ሥራው ሊደገም ይችላል፤ ምንም ካልቀረና ብሌኑ ላይ ጉድጓድ ከሌለ ቁስሉ ተዘግቷል።