ሁለት ቀን የሚያስጨምር ኢሜይል

ታሞ የከረመ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለመምህሩ ሲጽፍ የሕመሙን ዝርዝር መተረክ የለበትም፤ የታመመበትን ቀን ጠቅሶ የሐኪም ማስረጃ ማያያዙ ይበቃል። ይበልጥ የሚያሳምነው ሥራው የት እንደደረሰ መግለጹ ነው። ለምሳሌ፦

«ጤና ይስጥልኝ መምህር፣ የሊንክድ ሊስቱ የቤት ሥራ የሚገባው ዓርብ ነው። ከሰኞ እስከ ረቡዕ ታምሜ ነበር። ኖድ መጨመሩ ይሠራል። የመጀመሪያውን ኖድ ስሰርዝ ግን ፕሮግራሙ ይቋረጣል፤ `head` ወደ ቀጣዩ ኖድ ሳይዞር የቀረ ይመስለኛል። እስከ እሑድ ማታ ቢፈቅዱልኝ አስተካክዬ አስረክባለሁ። የሐኪም ማስረጃዬንና እስካሁን የሠራሁትን አያይዣለሁ።»

«ጥቂት ቀን» ቢል ኖሮ መምህሩ መልሶ «ስንት?» ማለቱ አይቀርም። ቀኑ ከተቆረጠ ግን መልሱ አጭር ነው። ኢሜይሉም ከማስረከቢያው ሰዓት በፊት ይላክ፤ ካለፈ በኋላ ጥያቄው የዘገየ ሥራ ይቅርታ ይሆናል።