የትኛው ውሳኔ ነው የሚሠራው?

ሐሙሲት ላይ የፕሮጀክት ስብሰባችንን የምናደርገው ሐሙስ ነው፤ የገበሬ ተወካዮቹ ለገበያ ስለሚመጡ። ቃለ ጉባኤ እንደ ደንቡ ይያዛል፣ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ማን እንደተገኘና ማን ምን እንዳለ ይነግረናል። ዛሬ ጸንቶ ያለው ውሳኔ የትኛው ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር ማገላበጥ ግድ ይሆናል።

ወደ ጉማራ ወንዝ በሚወርደው የፎገራ ሜዳ ላይ የመስክ መንገድ ስንሠራ የሆነውን ላንሳ። ጥር ላይ በመንገዱ ዝቅተኛ ቦታ የ1 ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት የሲሚንቶ ቱቦዎች እንዲቀበሩ ተወሰነ። የካቲት ላይ ገበሬዎቹ ባለፈው ክረምት ጎርፉ የተወውን የጭቃ ምልክት በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አሳዩን፤ ቱቦው ሦስት ይሁን ተባለ። የየካቲቱ ቃለ ጉባኤ ግን ስለ ጥር ወሩ ውሳኔ አንድም ቃል አልጻፈም። የተቋራጩ ዕቃ ገዢ የጥር ወሩን ይዞ ሁለት ቱቦ አዘዘ። ሰውየው ምን ያጥፋ? የያዘው ወረቀት የተፈረመና ማኅተም ያለበት ነው።

ከዚያ ወዲህ የውሳኔ መዝገብ ለብቻው እንይዛለን። እያንዳንዱ ውሳኔ ተራ ቁጥር፣ ምክንያት፣ ፈጻሚና ሁኔታ አለው። የጥር ወሩ ውሳኔ 07 ነው፣ የየካቲቱ 11። 07 አይሰረዝም፤ አጠገቡ «በ11 ተተክቷል» ይጻፋል፣ በ11 ላይም «07ን ይተካል»። ማንም ከየትኛውም ጫፍ ቢጀምር ሌላውን ያገኘዋል።

ሰው የሚሰንፈው ምክንያቱን ሲጽፍ ነው። «ስለታመነበት» ምክንያት አይደለም። የጭቃው ምልክት ከታቀደው የመንገድ ወለል በላይ መሆኑ ከተጻፈ፣ ነገ ለቁጠባ ሲል ወደ ሁለት እንመለስ የሚል ሰው ምን ማስተባበል እንዳለበት ያውቃል። «ይታይ» የተባለ ነገር ደግሞ መዝገብ ውስጥ አይገባም። የሚያየው ሰው ስምና ቀን ተይዞለት ባልተቋጩ ጉዳዮች ዝርዝር ይቆያል።

ቀንን በተመለከተ ወር በፊደል እንዲጻፍ አጥብቄ እጠይቃለሁ። «3/7» ለእኛ መጋቢት 3 ነው፤ የሥራ መርሐ ግብሩን በፈረንጅ አቆጣጠር ላወጣው መሐንዲስ ግን ጁላይ 3፣ ማለትም ሰኔ 26 ነው። በመጋቢት የፎገራ ሜዳ ደረቅ ነው። በሰኔ መጨረሻ ጥቁሩ አፈር ረጥቦ መኪና ይይዛል።

መዝገቡ የማይችለው ነገርም አለ። ስብሰባ ውል አይለውጥም። ሦስተኛው ቱቦ ዋጋ ስለሚጨምር አማካሪ መሐንዲሱ የሥራ ለውጥ ትእዛዝ በጽሑፍ መስጠት አለበት፤ አለበለዚያ ተቋራጩ ቢቀብረውም ክፍያው ያከራክራል። ስለዚህ ውሳኔ 11 «ደብዳቤ ይጠበቃል» በሚል ሁኔታ ቆየ። የደብዳቤው ቁጥር አጠገቡ ሲሰፍር ነው «ይፈጸም» የተባለው።