«ከላይ የላኩት ውጤት» አልደረሰም!

ከኮምቦልቻ አንዲት እህት በቴሌግራም ጻፈችልኝ፦ «ዶክተር፣ የ62 ዓመት እናቴ ስኳር አለባት። ደሴ ተመርምራ ከላይ የላኩት የኩላሊት ውጤት እንዴት ነው? ሜትፎርሚኗን ትቀጥል?»

ከላይ ግን ምንም የለም። እንዲህ መለስኩላት፦ «ጽሑፍሽ ደርሶኛል፤ ፎቶው ግን አልገባም። ክሬቲኒኑን ሳላይ ትቀጥል ወይም ታቁም ማለት አልችልም። ቀኑና ቁጥሩ እንዲነበብ አድርገሽ ድጋሚ ላኪልኝ።»

ማታ ፎቶው ገባ፤ ክሬቲኒን 2.4! በዚህ ዕድሜ ሜትፎርሚን የሚቆምበት ደረጃ ነው። መድኃኒቱን አቁማ በማግስቱ ሐኪሟ ጋ እንድትቀርብ ነገርኳት። ገምቼ «ትቀጥል» ብዬ ቢሆንስ?

ኔትወርክ ሲደክም ጽሑፍ ያልፋል፣ ፎቶ ይቀራል። ስለዚህ ስትልኩ የፎቶውን ጥግ እዩ፦ የሰዓት ምልክት ካለ ገና አልሄደም፤ ቀይ ቃለ አጋኖ ካለ አልተላከም፤ አንድ ራይት ካለ ተልኳል፤ ሁለት ራይት ካለ ታይቷል።