የሞዲግሊያኒና የሚለር እርማት

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1963 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» የተባለው መጽሔት ስለ ኩባንያ ግብርና ስለ ካፒታል ወጪ አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። የርዕሱ የመጨረሻ ቃል «እርማት» ነበር። የሚታረመው ከአምስት ዓመት በፊት እዚያው መጽሔት ላይ የወጣና ብዙ ሰው ያስቆጣ ጥናት ነው። አራሚዎቹ ሌሎች ሰዎች ሳይሆኑ የጥናቱ ባለቤቶች ፍራንኮ ሞዲግሊያኒና መርተን ሚለር ነበሩ።

ሁለቱ የተገናኙት ፒትስበርግ በሚገኘው የካርኔጊ ቴክኖሎጂ ተቋም ነው። ሞዲግሊያኒ የሮም ልጅ፣ አይሁዳዊ ሲሆን የሙሶሊኒን የዘር ሕግ ሸሽቶ በ1939 አሜሪካ የገባ ሰው ነው። ሚለር የቦስተን ሰው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ ግምጃ ቤት የግብር ጥናት ክፍል ሠርቷል። በኋላ የሚሳሳቱት በግብሩ ሒሳብ መሆኑን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

በዚያን ጊዜ የነበረው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። አንድ ድርጅት ገንዘብ የሚያገኘው አክሲዮን ሸጦ ወይም ተበድሮ ነው። የሁለቱ ድርሻ ሲቀያየር የድርጅቱ ጠቅላላ ዋጋ ይቀየራል? የገንዘብ ሰዎች መልስ «አዎ» ነበር፤ ዕዳ ከአክሲዮን ስለሚረክስ በመጠኑ መበደር ዋጋ ይጨምራል፣ ሲበዛ ግን ያስፈራል፣ መሐል ላይ አንድ ትክክለኛ መጠን አለ ይሉ ነበር። በ1952 ዴቪድ ዱራንድ የተባለ ተመራማሪ ዋጋ የሚተመንባቸውን ሁለት መንገዶች ጎን ለጎን አስቀመጠ። በአንደኛው ዕዳ ዋጋ ይጨምራል፣ በሁለተኛው ምንም አይለውጥም። ዱራንድ ራሱ ሁለተኛው በእውነተኛ ገበያ መሥራቱን ተጠራጥሯል። ሞዲግሊያኒና ሚለር የያዙት ያንን የተጠረጠረውን ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። «ሀ» እና «ለ» የሚባሉ ሁለት ድርጅቶች አሉ እንበል። ሥራቸው አንድ ነው፣ ሥጋታቸውም አንድ ነው። እያንዳንዳቸው በክፉ ዓመት 400 ሺህ፣ በደግ ዓመት 1.6 ሚሊዮን፣ በአማካይ 1 ሚሊዮን ዶላር ያተርፋሉ፤ ይህም ሳያቋርጥ ይቀጥላል። ለጊዜው ግብር የለም። «ሀ» ዕዳ የለበትም። ባለአክሲዮኖች ለዚህ ዓይነት ሥጋት 10 በመቶ ስለሚጠብቁ ዋጋው 10 ሚሊዮን ዶላር ነው። «ለ» ደግሞ 4 ሚሊዮን ዶላር በ5 በመቶ ተበድሯል። በየዓመቱ 200 ሺህ ወለድ ይከፍላል፣ በአማካይ 800 ሺህ ለባለአክሲዮኖቹ ይተርፋል።

በድሮው አስተሳሰብ ዕዳው መጠነኛ ስለሆነ የ«ለ» ባለአክሲዮኖችም 10 በመቶ ይበቃቸዋል። ስለዚህ 800 ሺሁ 8 ሚሊዮን ያወጣል፤ 4 ሚሊዮን ዕዳ ሲጨመር ድርጅቱ 12 ሚሊዮን ይሆናል። ያው ፋብሪካ፣ ያው ሠራተኛ፣ ያው ትርፍ፣ ግን 2 ሚሊዮን ዶላር ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ተጨመረ።

ሞዲግሊያኒና ሚለር እዚህ ላይ ያመጡት ሰው የ«ለ»ን አክሲዮን 1 በመቶ የያዘ ተራ ባለሀብት ነው። ድርሻው 80 ሺህ ዶላር ያወጣል፣ በአማካይም 8 ሺህ ያስገኝለታል። ይሸጠዋል። ከዚያ በራሱ ስም 40 ሺህ ዶላር በ5 በመቶ ይበደራል፤ ይህ የ«ለ» ዕዳ 1 በመቶ ነው። አሁን በእጁ 120 ሺህ አለ። በ100 ሺሁ የ«ሀ»ን አክሲዮን 1 በመቶ ይገዛል። ከዚያ በአማካይ 10 ሺህ ያገኛል፣ 2 ሺህ ወለድ ይከፍላል፣ 8 ሺህ ይቀረዋል። በክፉ ዓመት «ለ» ቢሆን 2 ሺህ ይሰጠው ነበር፤ አዲሱ አያያዝም 4 ሺህ ሲቀነስ 2 ሺህ፣ ማለትም ያንኑ ይሰጠዋል። በደግ ዓመትም በሁለቱም 14 ሺህ ነው። ገቢው በምንም ሁኔታ አልተለወጠም፣ ኪሱ ውስጥ ግን 20 ሺህ ዶላር ተርፏል።

ይህን ያየ ሁሉ «ለ»ን እየሸጠ «ሀ»ን ይገዛል። የ«ለ» አክሲዮን ይወርዳል፣ የ«ሀ» ይወጣል፤ ሽሚያው የሚቆመው የሁለቱ ጠቅላላ ዋጋ እኩል ሲሆን ብቻ ነው። «ሀ» 10 ሚሊዮን ላይ ከቆመ «ለ»ም 10 ሚሊዮን ይሆናል፤ 4 ሚሊዮኑ ዕዳ፣ 6 ሚሊዮኑ አክሲዮን። ገበያው የሚያደርገው ይህ ዓይነቱ ማመጣጠን አርቢትሬጅ ይባላል። የ1958ቱ ጥናት ጉልበት ያለው እዚህ ነው። ስለ ባለአክሲዮኖች ስሜት ምንም ሳይገምት፣ ያለ ድካም የሚገኝ ትርፍ ገበያ ላይ አይቆይም ከሚል አንድ ሐሳብ ብቻ ይነሣል።

እና የዕዳው ርካሽነት የት ገባ? አሁን 800 ሺሁ የሚተመነው በ6 ሚሊዮን ነው፤ ባለአክሲዮኑ 13.3 በመቶ ያገኛል ማለት ነው። ይህ ጭማሪ ስጦታ ሳይሆን የሥጋት ዋጋ ነው። የ«ሀ» ባለአክሲዮን በክፉ ዓመት 4 በመቶ፣ በደግ ዓመት 16 በመቶ ያገኛል። የ«ለ» ግን በክፉው ወደ 3.3 ወርዶ በደጉ ወደ 23.3 ይወጣል። አበዳሪው ቀድሞ የማይናወጠውን 200 ሺህ ስለሚወስድ መናወጡ በሙሉ ባለአክሲዮኑ ላይ ይከመራል፤ እሱም በዚያው ልክ ያስከፍላል። ርካሹ ዕዳ አክሲዮኑን ባስወደደው መጠን አማካዩ 10 በመቶ ላይ ይቀራል። ጸሐፊዎቹ ይህን በወተት መስለውታል፤ ገበሬ ቅባቱን ለይቶ በውድ ቢሸጥ የቀረው ወተት በዚያው ልክ ይረክሳል።

ዱራንድ በ1959 መለሰላቸው። ዋና ተቃውሞው ግለሰብ እንደ ኩባንያ በቀላሉና በእኩል ወለድ መበደር አይችልም የሚል ነበር። ተቃውሞው ቀላል አይደለም፤ የግለሰቡ ወለድ 5 መሆኑ ቀርቶ 8 በመቶ ቢሆን ከላይ ያየነው ሒሳብ በከፊል ይፈርሳል። ግን እነሱን ያሳረማቸው ይህ አይደለም። ያሳረማቸው ግብሩ ነው።

የአሜሪካ የኩባንያ ግብር በዚያን ጊዜ 52 በመቶ ነበር፤ ለሒሳቡ እንዲቀል 50 እንበለው። ወለድ ወጪ ተብሎ ከግብር በፊት ይቀነሳል፣ ለባለአክሲዮን የሚከፈለው ግን አይቀነስም። «ሀ» ከ1 ሚሊዮን ትርፉ 500 ሺህ ግብር ይከፍላል፤ 500 ሺህ ይቀረዋል፣ በ10 በመቶ ሲተመንም 5 ሚሊዮን ያወጣል። «ለ» 200 ሺህ ወለድ ቀንሶ ግብር የሚከፍለው በ800 ሺህ ላይ ነው። ባለአክሲዮኖቹ 400 ሺህ፣ አበዳሪዎቹ 200 ሺህ፣ በድምሩ 600 ሺህ ዶላር ይካፈላሉ። ልዩነቱ 100 ሺህ ዶላር ነው፤ መንግሥት የተወው ግብር።

በ1958 ሁለቱ ሰዎች ይህን 100 ሺህ አላጡትም። የተሳሳቱት አተማመኑን ነው። «ለ» በአማካይ የ«ሀ»ን 1.2 እጥፍ ስለሚያከፋፍል ዋጋውም 1.2 እጥፍ፣ ማለትም 6 ሚሊዮን ነው ብለው አሰቡ። ቁጥሮቹን በክፉው ዓመት ብናያቸው ግን ነገሩ አይገጥምም። «ሀ» ያኔ ከግብር በኋላ የሚቀረው 200 ሺህ ነው፤ 1.2 እጥፉ 240 ሺህ ነው። «ለ» ግን 100 ሺህ ለባለአክሲዮን፣ 200 ሺህ ለአበዳሪ፣ በድምሩ 300 ሺህ ያከፋፍላል። በደጉ ዓመት ደግሞ «ሀ» 800 ሺህ፣ «ለ» 900 ሺህ። «ለ» የተባዛ «ሀ» አይደለም፤ በክፉም በደግም ዓመት 100 ሺህ ዶላር የተጨመረበት «ሀ» ነው። የማይናወጥ ገንዘብ ደግሞ የሚተመነው በሥጋት መጠን በ10 በመቶ ሳይሆን እንደ ዕዳው በ5 በመቶ ነው። 100 ሺህ በ5 በመቶ 2 ሚሊዮን ያወጣል። የ«ለ» ትክክለኛ ዋጋ 7 ሚሊዮን ነው፤ 4ቱ ዕዳ፣ 3ቱ አክሲዮን።

የሚገርመው የድሮውን አስተሳሰብ የጣሉበት ያው ባለሀብት አሁን በእነሱ ላይ መዞሩ ነው። «ለ» በ1958ቱ ትመና 6 ሚሊዮን ከሆነ አክሲዮኑ 2 ሚሊዮን፣ 1 በመቶውም 20 ሺህ ያወጣል። አንድ ሰው የ«ሀ»ን 1 በመቶ በ50 ሺህ ገዝቶ፣ ከዚያ ውስጥ 20 ሺሁን በ5 በመቶ ተበድሮታል እንበል። በአማካይ 5 ሺህ አግኝቶ 1 ሺህ ወለድ ከፍሎ 4 ሺህ ይቀረዋል፤ የ«ለ» 1 በመቶም የሚሰጠው በየትኛውም ዓመት ልክ ይህንኑ ነው። አክሲዮኑን ሸጦ ዕዳውን ሲከፍል 30 ሺህ ይቀረዋል፣ በ20 ሺህ «ለ»ን ይገዛል፣ 10 ሺህ ያተርፋል። ሽሚያው የሚቆመው የ«ለ» አክሲዮን 3 ሚሊዮን ሲደርስ ነው። እርማቱ በአጭሩ ሲጻፍ የባለዕዳው ድርጅት ዋጋ ዕዳ የሌለበት ድርጅት ዋጋ ሲደመር ግብሩ በዕዳው የተባዛ ነው። የኢትዮጵያን የ30 በመቶ የኩባንያ ግብር ብናስገባ ያው 4 ሚሊዮን ዕዳ የሚጨምረው 1.2 ሚሊዮን ይሆናል።

እዚህ ላይ አዲስ ጣጣ መጣ። እያንዳንዱ የተበደሩት ዶላር ዋጋ ከጨመረ ድርጅት ሁሉ ለምን በዕዳ ብቻ አይቆምም? የራሳችን ምሳሌ ከመልሱ አንዱን ይዟል። በክፉ ዓመት ትርፉ 400 ሺህ ነው፤ በ5 በመቶ ይህ የሚሸፍነው የ8 ሚሊዮን ዶላር ዕዳ ወለድ ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ በክፉው ዓመት ወለዱ ከትርፉ ይበልጣል፣ የሚቀነስበት ትርፍ የለም፣ የግብር ቅናሹም «የማይናወጥ» መሆኑ ያበቃል። አበዳሪውም 5 በመቶ አይበቃውም። ቀመሩ የሚያገለግለው ዕዳው ከሥጋት ነፃ እስከሆነ ድረስ ነው፤ ወለዱን ከክፉው ዓመት ትርፍ ጋር ማስተያየት ድንበሩን ያሳያል። ጸሐፊዎቹም በ1963 ኩባንያዎች ሁልጊዜ የቻሉትን ያህል ይበደሩ አላሉም፤ ለክፉ ቀን የመበደር አቅም ማስቀረት እንደሚያስፈልግ ጽፈዋል። እንደ እኔ ግን ይህ አንቀጽ ከቀመሩ ቀጥሎ ሲነበብ በግድ የተለጠፈ ይመስላል።

ሚለርም የረካበት አይመስልም። በ1976 የአሜሪካ ፋይናንስ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ባሰማው ንግግር በሁለቱም ጽሑፎች ቀመር ውስጥ ያልገባውን የግለሰብ ግብር አነሣ። ከድርጅት ትርፍ 100 ዶላር በወለድ መልክ ቢወጣ ከኩባንያ ግብር ያመልጣል፤ አበዳሪው ግን ከገቢው 50 በመቶ የሚከፍል ሰው ከሆነ እጁ የሚገባው 50 ዶላር ነው። ያው 100 ዶላር በባለአክሲዮኑ በኩል ቢሄድ ኩባንያው 50 ይከፍላል፤ ትርፉ እዚያው ቆይቶ አክሲዮኑን ካስወደደና ባለቤቱ ካልሸጠው ግን ሌላ ግብር ለዓመታት ላይኖር ይችላል። የሚቀረው ያው 50 ዶላር ነው። ኩባንያዎች በአንድነት ዕዳ እየጨመሩ የሚሄዱት የመጨረሻው አበዳሪ እንዲህ ዓይነት ሰው እስኪሆን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ድርጅት ለብቻው ቢበደር ባይበደር ዋጋው አይለወጥም።